አብስትራክቱ ውስጥ ውጤቱ የታል?

(ደሴ ላይ ለማስተርስ ተማሪዎችና ሪቪው ማድረግ ለጀመሩ ልጆች ያወራሁት ነው። በዝናቡ ምክንያት ያልመጣችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ አስቀመጥኩት።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁም እንኳን በሰላም መጣችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ አራት ሃይላይተር አለ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ። አንድ ወረቀትም አለ፣ እሱን ገና አትገልብጡት። ዛሬ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ አብስትራክት እጃችን ላይ ሲገባ ዓላማው፣ ዘዴው፣ ውጤቱና መደምደሚያው በሚገባቸው ልክ መቀመጣቸውን በምን እናውቃለን? ደስ ይላል አይልም፣ እንግሊዝኛው ያምራል አያምርም የሚለውን ለሌላ ቀን ተዉት።

ለምን ይሄን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ደላንታ የሚሠራ ጤና መኮንን ጓደኛ አለኝ። ኔትወርክ ሲገኝ በስልኩ ፐብመድ ላይ ይፈልጋል፣ ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል ወይ ፒዲኤፉ አልወርድ ይላል፣ ስለዚህ የሚያነበው አብስትራክቱን ብቻ ነው። አንድ ቀን ደውሎ "እዚህ ዞናችን ላይ የተሠራ ጥናት አገኘሁ፣ ሁለቴ አነበብኩት፣ ግን ምን እንዳገኙ አልገባኝም" አለኝ። ላክልኝ አልኩትና አየሁት። እውነቱን ነው። የትኛውን ሶፍትዌር እንደተጠቀሙ ከነቨርዥኑ አለ፣ ከስንት ሰው ስንቱ ምን እንደሆነ ግን የለም። ያን ሁሉ ብር አውጥተው፣ ገጠር ወርደው፣ ያን ሁሉ ሰው ጠይቀው የሰበሰቡት ነገር ለሚፈልገው ሰው ሳይደርስ ቀረ። እኔ ይሄ ያናድደኛል። ጥናቱ መጥፎ ሆኖ እኮ አይደለም፣ ሙሉውን ስናገኘው ውስጡ ጥሩ ጥሩ ሠንጠረዥ ነበረው።

ይሄ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብስትራክት ድሮ አንድ ወጥ አንቀጽ ነበር፣ ጸሐፊው የፈለገውን ይጽፋል የፈለገውን ይተዋል። በፈረንጆቹ 1987 ላይ አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን የሚባለው መጽሔት ላይ የተወሰኑ የሕክምና ምሁራን አብስትራክት በንዑስ ርእስ ይከፋፈል፣ ዓላማ ለብቻ ዘዴ ለብቻ ውጤት ለብቻ ይቀመጥ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፣ ዛሬ የምናውቀው ባክግራውንድ ሜተድ ሪዛልት ኮንክሉዥን የሚለው አደራደር ከዚያ ወዲህ ነው እየተለመደ የመጣው። ንዑስ ርእሱ ስለተጻፈ ግን ሥሩ ያለው ነገር በቂ ነው ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 1999 ጃማ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ስድስት ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶችን አይቶ ነበር፣ አብስትራክቱ ላይ ያለው ቁጥር ከውስጡ ጋር የማይገጥም ወይም ውስጡ ላይ ጭራሽ የሌለ የሆነባቸው እንደ መጽሔቱ ከ18 እስከ 68 በመቶ ነበሩ። እነዚህ በዓለም የታወቁ መጽሔቶች ናቸው እንግዲህ።

አሁን ወረቀቱን ገልብጡት። ይሄን አብስትራክት ለዛሬ ብዬ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ቁጥሩም የኔ ፈጠራ ነው፣ የማንም ሥራ አይደለም። አጻጻፉ ግን በየሳምንቱ ለሪቪው የሚመጣልኝ ዓይነት ነው። ወረቀታችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ እያልኩ እሄዳለሁ።

"ባክግራውንድ፦ የደም ግፊት በዓለም ላይ ካሉ ዋና ዋና የጤና ችግሮች አንዱ ነው። ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለኩላሊት መድከም ያጋልጣል። በታዳጊ አገሮች ሸክሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መጥቷል። በኢትዮጵያም ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች እየተስፋፉ ነው። መድኃኒት ቢኖርም የብዙ ታካሚዎች ግፊት ቁጥጥር ስር አይውልም። ሆኖም በጥናቱ አካባቢ በዚህ ጉዳይ በቂ መረጃ የለም። የዚህ ጥናት ዓላማ ግፊታቸው ቁጥጥር ስር ያልዋለ ታካሚዎችን መጠንና ተያያዥ ምክንያቶችን መለየት ነው።

"ሜተድ፦ ሆስፒታል ላይ የተመሠረተ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ተካሄደ። በሲስተማቲክ ራንደም ሳምፕሊንግ 400 ታካሚዎች ተመረጡ። መረጃው ቀድሞ በተሞከረ መጠይቅ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ተሰበሰበ። ወደ ኤፒዳታ ገብቶ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ተላከ። ባይቫርየብል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ላይ ፒ ቫልዩያቸው ከ0.25 በታች የሆኑት ወደ መልቲቫርየብል ገቡ። ኦድስ ሬሾ ከ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ጋር ተሰላ፣ ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች የሆነው ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት ተባለ።

"ሪዛልት፦ ግፊታቸው ቁጥጥር ስር ያልዋለ ታካሚዎች መጠን 60 በመቶ ነበር። ገጠር መኖርና (ኤኦአር 3.0) መድኃኒት ማቋረጥ (ኤኦአር 2.8) በጉልህ የተያያዙ ነበሩ።

"ኮንክሉዥን፦ ቁጥጥር ስር ያልዋለ የደም ግፊት መጠን ከፍተኛ ነበር። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር፣ የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ሆስፒታሉና ሌሎች ባለድርሻ አካላት ለገጠር ነዋሪዎች የጤና ትምህርት ትኩረት ሰጥተው እንዲሠሩ እንመክራለን። ወደፊት ተመራማሪዎች በሌላ የጥናት ዘዴ እንዲያጠኑት ይመከራል።"

አይደል? ብዙዎቻችሁ ራስ ስትነቀንቁ እያየሁ ነው። ቴሲሳችሁ ላይ ያለውም በዚሁ መልክ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ቀለሙን አንሱ። ባክግራውንድና ዓላማ ቢጫ፣ ዘዴ ሰማያዊ፣ ውጤት አረንጓዴ፣ መደምደሚያ ሮዝ። ንዑስ ርእሱን አትከተሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ ተከተሉ፣ ይሄ ወሳኝ ነው። ሪዛልት በሚለው ሥር "መረጃው በዚህ ተተነተነ" የሚል ካለ ሰማያዊ ነው፣ ኮንክሉዥን ሥር "የደም ግፊት ትልቅ ችግር ነው" የሚል ካለ ቢጫ ነው። የዓላማዋን ዓረፍተ ነገር በእስኪርብቶ አስምሩባት፣ ኋላ እንፈልጋታለን። ከዚያ የእያንዳንዱን ቀለም ቃል ቁጠሩ።

የእንግሊዝኛው በጠቅላላ 250 ቃል ነው። ቢጫው 92፣ ሰማያዊው 84፣ አረንጓዴው 31፣ ሮዙ 43። በመቶኛ ስናደርገው ቢጫው 37፣ ሰማያዊው 34፣ አረንጓዴው 12፣ ሮዙ 17 ገደማ። ወረቀቱን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙትና እዩት፣ ከላይ ከግማሽ በላይ ቢጫና ሰማያዊ ነው፣ አረንጓዴው አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ጥናቱ ያመጣው አዲስ ነገር ያለው እዚያች ቀጭን መስመር ውስጥ ብቻ ነው፣ የቀረውን አንባቢው ወይ ከዚህ በፊት ያውቀዋል ወይ ከሌላ ቦታ ያገኘዋል።

ታዲያ ምን ያህል ይሁን? እኔ የምጠቀምበት ልክ አለ፣ ሕግ አይደለም፣ ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላለው ጥናት ነው። ባክግራውንድና ዓላማ አብረው ሩብ ገደማ ወይ ከዚያ ያነሰ፣ ዘዴ ሩብ ወይ ትንሽ ዘለል ያለ፣ ውጤት ከሁሉም ትልቁ፣ መቶ እጅ ቢሆን ከ35 እስከ 40፣ መደምደሚያ ከ10 እስከ 15። ሚዛን ሲባል እኩል ማካፈል የሚመስላችሁ አላችሁ፣ አራት ክፍል ስለሆነ ለእያንዳንዱ 25 በመቶ የሚል አንድ ተማሪ ገጥሞኛል፣ እንደሱ አይደለም። የሠርግ ድግስ ላይ ለውሃና ለወጥ እኩል ድስት አይጣድም።

ቁጥሩ ግን በር ከፋች ነው እንጂ ፍርዱ አይደለም። ቁጥሩ የት ጋ መመርመር እንዳለባችሁ ነው የሚያሳያችሁ። እንግባበት።

ቢጫው ላይ ብዙ አልቆይም። ስድስት ዓረፍተ ነገር ባክግራውንድ አለ፣ ከስድስቱ አምስቱን ከማንኛውም የደም ግፊት ጥናት ላይ ብትለጥፏቸው ይሠራሉ። መሞከሪያው ይሄ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን አንስታችሁ ሌላ ሰው አብስትራክት ላይ አስቀምጡት፣ እዚያም ከተመቸው እዚህ ቦታ የለውም። የሚቀረው "ክሊኒክ እየተከታተሉም ግፊታቸው አልወርድ ያለ ስንት እንደሆኑ በአካባቢው አይታወቅም" ለማለት የተጻፈው ስድስተኛው ነው፣ እሱ ዓላማውን ይጠራዋል። ዓላማው ራሱ ግልጽ ነው፣ ሁለት ጥያቄ አለው፣ ስንት ናቸው እና ከምን ጋር ይያያዛል። ይሄን ሁለት በጭንቅላታችሁ ያዙት።

ሰማያዊው ላይ ነው ነገር ያለው። 84 ቃል ትልቅ ቦታ ነው። ኤፒዳታ አለ፣ ኤስፒኤስኤስ አለ፣ ከ0.25 በታች የሚለው አለ፣ ከ0.05 በታች የሚለው አለ። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ "ግፊቱ ቁጥጥር ስር ያልዋለ" የሚባለው ማን ነው? ፈልጉ እስቲ።

(ትንሽ ዝም ተባለ። ከኋላ አንዷ ልጅ "የለም መምህር" አለች።)

የለም። ከ140 በ90 ጀምሮ ነው? ስኳር ላለበት ሰው ሌላ ልክ ተጠቅመው ይሆን? አንዴ ነው የተለካው ሁለቴ ተለክቶ አማካዩ ነው የተያዘው? የዚያን ቀን ነው ወይስ ካርዱ ላይ ካለፉት ሦስት ቀጠሮዎች? ከሩቅ መኪና ተሳፍሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ የገባን ሰው ሳያርፍ አንዴ ብትለኩት አንድ ነገር ታገኛላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ሁለቴ ብትለኩት ሌላ ታገኛላችሁ። ያ 60 በመቶ የሚባለው ቁጥር ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ይሄ ሳይነገር የሶፍትዌሩ ስም ተነገረ። ሌላም የጎደለ አለ፣ አንድ ሆስፒታል ነው ስንት ነው፣ መቼ ነው የተሰበሰበው፣ መድኃኒት ከጀመሩ ስንት ጊዜ የሆናቸው ናቸው የተካተቱት፣ ትናንት የጀመረ ሰውማ ግፊቱ ባይወርድ አይገርምም።

ስለዚህ ዘዴው በቃል ብዛት ከሚገባው በላይ ወስዷል፣ በይዘት ደግሞ ባዶ ነው። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቆጥሮ ብቻ የሚፈርድ ሪቪወር "ሜተዱን አሳጥሩ" ብሎ ያልፋል፣ እነሱም የሚያጥረውን ሲመርጡ ከነዚህ ከጥቂቶቹ ጠቃሚ ነገሮች ይቀንሳሉ። "ይሄን አውጡ፣ ይሄን አስገቡ" ነው መባል ያለበት። የትንተናውን ዝርዝር አንድ ሐረግ ይበቃዋል፣ "በመልቲቫርየብል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን" ካላችሁ የተረዳ ይረዳዋል፣ 0.25ቱን የፈለገ ውስጡን ያያል። ይሄ የሶፍትዌር ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ፕሮፖዛል ላይ ኮሚቴው ይጠይቃል፣ ከፕሮፖዛል ወደ ቴሲስ፣ ከቴሲስ ወደ አብስትራክት እየተገለበጠ ይሄዳል። ፕሮፖዛል የምታደርጉትን የምትናገሩበት ነው፣ ያኔ ውጤት የለም። አብስትራክት ላይ ግን ውጤት አለ፣ ቦታውን ይልቀቁለት።

አሁን አረንጓዴው። የዓላማዋን ዓረፍተ ነገር እዩ፣ ሁለት ጥያቄ ነበራት። የመጀመሪያው "ስንት" የሚለው "60 በመቶ" ተብሎ ተመልሷል። ከስንት 60 በመቶ? 400 ተመረጡ ተባለ እንጂ ስንቱ ፈቅዶ እንደተሳተፈ አይታወቅም። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ የለም። 400 ሰው ላይ 60 በመቶ ማለት ከ55 እስከ 65 በመቶ መሀል ነው፣ 60 ሰው ላይ ቢሆን ከ48 እስከ 72 ይሆን ነበር፣ ያኔ ከግማሽ ይበልጣል ለማለት እንኳ ያስቸግራል። አንባቢው ይሄን ማየት አለበት፣ የሚፈጀው ደግሞ አምስት ስድስት ቃል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ "ከምን ጋር ይያያዛል" ነው። ገጠር መኖር፣ ኤኦአር 3.0፣ ሌሎቹን ነገሮች አስተካክሎ የተሰላው ኦድስ ሬሾ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ይሄን ያነበበ ሰው ምን ብሎ ያወራል? "የገጠር ሰው ግፊቱ ያለመውረዱ ዕድል ሦስት እጥፍ ነው" ይላል። እስቲ በስተኋላ ያለውን ቁጥር ላሳያችሁ። ከ400ው 240 ከተማ ነዋሪ ናቸው፣ ከነሱ 120ው ግፊታቸው አልወረደም፣ ግማሹ ማለት ነው፣ 50 በመቶ። 160ው ገጠር ናቸው፣ ከነሱም 120ው አልወረደላቸውም፣ 75 በመቶ። 75 ለ50 ስታካፍሉ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ሦስት ከየት መጣ? ኦድስ የሚያወዳድረው ያልወረደለትን ከወረደለት ጋር ነው፣ ገጠር 120 ለ40 ማለት 3፣ ከተማ 120 ለ120 ማለት 1፣ 3 ለ1 ሲካፈል 3። ስሌቱ ልክ ነው፣ ሌሎቹን ነገሮች አስተካክለንም እዚያው ቀረ እንበል። ግን ሦስት እጥፍ ዕድል ማለት አይደለም። ጉዳዩ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ኦድስ ሬሾውና ትክክለኛው እጥፍ ይቀራረቡ ነበር፣ ከመቶ ስድሳው ላይ ሲታይ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ይሄ ከሚዛን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አገናኘው እንጂ! ውጤቱ 31 ቃል ብቻ ስለተሰጠው ነው "75 በመቶ ከ50 በመቶ" የሚለው ያልገባው። ኤኦአሩን ብቻ ለመጻፍ ቦታ በቃው፣ አንባቢው ሊረዳው የሚችለውን ቁጥር ለመጻፍ ግን አልበቃውም። ደላንታ ያለው ጓደኛዬ ኦድስ ሬሾ ይዞ ምንም አያደርግም፣ ከአራት የገጠር ታካሚ ሦስቱ ግፊቱ እንዳልወረደ ካወቀ ግን በሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን ማንን ቁጭ አድርጎ ማናገር እንዳለበት ያውቃል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የተያያዘውን ብቻ ነው የጻፉት። ያልተያያዘውስ? ትምህርት፣ ዕድሜ፣ ጾታ ተጠይቆ ነበር፣ ምንም ካላሳየ እሱም ውጤት ነው። ዓላማው ላይ "ተያያዥ ምክንያቶች" ተብሎ ከተጠየቀ ቢያንስ ሰው ይያያዛል ብሎ የሚጠብቀው አንድ ነገር ሳይያያዝ ሲቀር መነገር አለበት።

ሮዙ፣ 43 ቃል። "ከፍተኛ ነበር" ይላል። ከምን አንጻር? ከሌላ አካባቢ ጋር አላወዳደሩም፣ ከበፊቱ ጋር አላወዳደሩም፣ "ከፍተኛ" የሚለው ቃል ከየት መጣ? ሌላው ደግሞ ምክሩ። "የጤና ትምህርት" አሉ። ጥናቱ የሰዎቹን እውቀት ለክቷል ወይ? አረንጓዴው ውስጥ ስለ እውቀት አንድም ቃል የለም። ገጠር ያለው ሰው ግፊቱ ያልወረደው ባለማወቅ ሳይሆን መድኃኒቱ አልቆበት ለመምጣት ትራንስፖርት አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ትምህርቱ ምን ይሠራለታል? መሞከሪያው ቀላል ነው፣ እያንዳንዱን ሮዝ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ አረንጓዴው ውስጥ እናቱን ፈልጉ። እናት ከሌለው ይውጣ። ከአንድ ሆስፒታል ተነስቶ ለጤና ሚኒስቴር ምክር መስጠትም እንደዚሁ ነው።

ደግሞ መደምደሚያው ሰፊ ሲሆን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ያላመጣውን ሮዙ ለማካካስ ሲሞክር ነው። በፈረንጆቹ 2010 እዚያው ጃማ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ዋናው ውጤታቸው ልዩነት ያላሳየ 72 የሕክምና ሙከራዎችን መርምሮ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አብስትራክት መደምደሚያ ላይ ሕክምናው የሚጠቅም አስመስሎ የማዞር አጻጻፍ አግኝቷል። ሰዎቹ ሁሉ ዋሽተዋል አልልም፣ ግን አንባቢ ብዙ ጊዜ ዘሎ የሚሄደው ወደ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ስለዚህ እዚያ የተጻፈ ነገር ከውጤቱ በላይ ከሄደ ጉዳቱ ይበዛል።

አሁን ተመልሰን እንጻፈው። ያው ጥናት፣ ያው ቁጥር፣ ሙሉ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ወደ ላይ እያወጣን።

"ባክግራውንድ፦ በአካባቢው መድኃኒት ከጀመሩ የደም ግፊት ታካሚዎች ስንቶቹ ግፊታቸው ቁጥጥር ስር እንዳልዋለ አይታወቅም። መጠኑንና ከሱ ጋር የሚያያዙ ነገሮችን ለማወቅ ይሄን ጥናት አካሄድን።

"ሜተድ፦ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የክትትል ክሊኒክ ለሦስት ወር ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ተደረገ። መድኃኒት ከጀመሩ ቢያንስ ስድስት ወር የሆናቸው አዋቂዎች በቀጠሮ ቅደም ተከተላቸው በእኩል ርቀት ተመረጡ። ቁጥጥር ስር ያልዋለ ያልነው ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ የሁለት ልኬት አማካዩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ካለፈ ይበቃል። ግንኙነቱ በመልቲቫርየብል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ታየ።

"ሪዛልት፦ ከተጠየቁት 412 ሰዎች 400ው ተሳተፉ። ከነሱ 240ው (60 በመቶ፣ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ55 እስከ 65) ግፊታቸው ቁጥጥር ስር አልዋለም። ከ160 የገጠር ነዋሪዎች 120ው (75 በመቶ)፣ ከ240 የከተማ ነዋሪዎች 120ው (50 በመቶ) ቁጥጥር ስር አልዋለም (ኤኦአር 3.0፣ ከ1.9 እስከ 4.7)። ባለፈው ወር መድኃኒት ካቋረጡት 150 ሰዎች 114ቱ (76 በመቶ)፣ ካላቋረጡት 250 ደግሞ 126ቱ (50 በመቶ) እንደዚሁ ሆነዋል (ኤኦአር 2.8፣ ከ1.8 እስከ 4.4)። የትምህርት ደረጃ ግልጽ ልዩነት አላሳየም (ኤኦአር 1.2፣ ከ0.8 እስከ 1.9)።

"ኮንክሉዥን፦ በዚህ ክሊኒክ ከአምስት ታካሚ የሦስቱ ግፊት ቁጥጥር ስር አልዋለም፣ በገጠር ነዋሪዎችና መድኃኒት ባቋረጡት ላይ ይብሳል። ጥናቱ በአንድ ጊዜ የተወሰደ ስለሆነ የቱ የቱን እንዳመጣ አያሳይም።"

የዚህ እንግሊዝኛ 220 ቃል ነው። ቢጫ 45፣ ሰማያዊ 62፣ አረንጓዴ 85፣ ሮዝ 28። ሠላሳ ቃል አጥሯል፣ ውጤቱ ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኗል። እንደ ጸሐፊ ሳስበው ከባዱ ሮዙን መቀነስ ነበር፣ ምክር የመስጠት ልማዳችን ጠንካራ ነው። ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁ እዩት አሁን፣ መሀሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው የሚታያችሁ።

ጥያቄ ካለ።

አንዱ ወንድማችን ከግብርና ነው፣ "እኛ ማሽላ ላይ ስንሠራ መጽሔቱ ንዑስ ርእስ አይፈቅድም፣ አንድ አንቀጽ ነው የሚለው፣ ያኔስ?" አለ። ቀለሙ ለዚያ ነው የሚበጀው እኮ፣ ንዑስ ርእስ በሌለበት ነው የበለጠ የሚያስፈልገው። የእናንተ ላይ የሚበዛው ሰማያዊው ነው፣ የዝርያው ስም በሙሉ፣ የማዳበሪያው መጠን፣ ስንት ድግግሞሽ፣ ራንደማይዝድ ኮምፕሊት ብሎክ ዲዛይን፣ እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ "ጉልህ ልዩነት ታይቷል" ይላል። ጉልህ የሚለው ስንት ኩንታል ነው በሄክታር? ገበሬው የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ልዩነቱን በኩንታል ጻፉት፣ የተሻለው ዝርያ ስንት፣ የነበረው ስንት፣ ዲዛይኑ በአንድ ሐረግ ይለፍ።

አንዷ እህታችን ደግሞ ኳሊቴቲቭ ነው የሠራሁት፣ ቁጥር የለኝም አለች። ልክ ነሽ፣ የኔን መቶኛ እዚያ ላይ በግድ አትጫኚው። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደተወራ፣ እንዴት እንደተመረጡ ካልተነገረ ውጤቱ የሚታመን አይሆንም፣ ስለዚህ ሰማያዊው ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። አረንጓዴው ላይ ግን ያው ጥያቄ ይሠራል። "አራት ዋና ዋና ጭብጦች ተገኙ" ብለሽ የጭብጦቹን ስም ከደረደርሽ ውጤት አልነገርሽም፣ ማውጫ ነው የሰጠሽው። "ሴቶቹ መድኃኒቱን የሚያቋርጡት ጎረቤት እንዳያይ ሲሉ ነው" ካልሽ ግን ውጤት ነው። አዲስ መለኪያ ወይ አዲስ የላቦራቶሪ ዘዴ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍም እንደዚሁ ሰማያዊው ቢበዛ አትፍረዱበት፣ እዚያ ዘዴው ራሱ ነው የተገኘው ነገር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ የመጣው ነው፣ "አድቫይዘሬ ባክግራውንዱን አስፋው ካለኝስ?" የሚል። አብሽር። አትከራከረው፣ ሁለቱንም ቅጂ ቀልመህ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት፣ የእያንዳንዱን ቀለም የቃል ብዛት ግርጌው ላይ ጻፍበት። እኔ ጋ እንደዚያ ይዘው የመጡ ተማሪዎች አሉ፣ ሁለት ጊዜ የራሴን ሐሳብ አስቀይረውኛል። ሃይላይተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ የኔ ቀጠሮ ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ የቀለማችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ ዓላማው የተሰመረበት ይሁን።